መጋዘን ውስጥ ሆና ለቅሶ የደረሰች ባልደረባ

ጥያቄ፦ «ገላን አካባቢ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥሬ ዕቃና የመለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ነኝ። እናቴ ድንገት አርፋ ደሴ ሄጄ 12 ቀን ቆየሁ። ሳላስረክብ ነው የሄድኩት። ያለቀለት ምርት መጋዘን የምትይዘው ባልደረባዬ የራሷን ሳትተው የኔንም ደርባ ሠራች። ከመሥሪያ ቤት ሰባት ሰው ደሴ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እሷ አልመጣችም፣ መምጣትም አትችልም ነበር። ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ። ‹አመሰግናለሁ› ስላት ‹ኧረ ምን አደረግኩና› ብላ ፊቷን አዞረች። የምትሸሸኝ ሁሉ ይመስለኛል። ዕቃ ስቆጥር ደግሞ ሁለት ካርቶን ጓንት ጎደለብኝ። ጓደኞቼ ‹ምሳ ጋብዣት› ይሉኛል፤ እህቴ ‹ትንሽ ብር ስጫት› ትላለች። ሳላጋንን፣ ሳላሳፍራትም እንዴት ላመስግናት?»

መልስ፦

እህቴ፣ እግዜር ያጽናሽ። የእናትሽን ነፍስ ይማር።

ከቃሊቲ እስከ ዱከም ባሉ ፋብሪካዎች በሰው ኃይል አስተዳደር ላይ 22 ዓመት ሠርቻለሁ። እንዳንቺ ያለ ነገር በየዓመቱ አያለሁ። ብዙ ጊዜ ጠያቂው የሚጨነቀው «ምን ልበላት?» ብሎ ነው። ያንቺ ችግር ግን ከቃሉ በፊት የሚመጣ ይመስለኛል። ባልደረባሽ የምትሸሽሽ ምስጋናሽን ፈርታ አይደለም። ለቅሶሽን ስላልደረሰች አፍራ ነው።

እስቲ በእሷ ዓይን እዪው። ሰባት ሰው ደሴ ድረስ ሄዷል። ሲመለሱ መኪናው ግቢ ውስጥ ሲገባ አይታለች። በማግስቱ ሻይ ክበብ ውስጥ «ድንኳኑ እንዲህ ነበር፣ አባቷ እንዲህ ሆነው፣ እሷ በጣም ከስታለች» ሲባል ሰምታለች። እሷ የምትለው ነገር የላትም። አገራችን ውስጥ ደግሞ ለቅሶ ላይ የመጣና የቀረ ይቆጠራል። ማንም በደብተር አይጽፈውም፣ ማንም ግን አይረሳውም። ምክንያት ያለው ሰው እንኳ ከባለ ኀዘኑ ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ዓይኑን ይሰብራል። እሷ የቀረችው ላንቺ ስትሠራ መሆኑን በልቧ ታውቃለች። ግን ያንን በራሷ አፍ ማለት አትችልም። «ያልመጣሁት ያንቺን ሥራ እየሠራሁ ነው» ብትል ውለታ መቁጠር ይሆንባታል። ስለዚህ ዝም ትላለች፣ ፊቷን ታዞራለች።

አንቺ በዚህ መሀል «አመሰግናለሁ» ስትያት ምን እንደሚሰማት አስቢ። ገና «እግዜር ያጽናሽ» ብላ በወጉ ሳትጨርስ፣ ባለ ኀዘኗ ቀድማ ታመሰግናታለች። የባሰ ዕዳ ውስጥ ትገባለች።

እንግዲህ መጀመሪያ መደረግ ያለበት ይኸው ነው፤ ለቅሶሽን እንድትደርስ በር ክፈቺላት። ሰው በሌለበት ሰዓት ወደ መጋዘኗ ሂጂ። ጠዋት የጭነት መኪና ሳይመጣ በፊት ጥሩ ነው። ሰላም በያትና ትንሽ ቁጭ በይ። ስለ እናትሽ ትጠይቅሽ። ምን አሟቸው ነበር፣ ቀብሩ የት ሆነ፣ አባትሽ እንዴት ናቸው ትበልሽ። መልሺላት፣ አታሳጥሪው። ያንን ከጨረሳችሁ በኋላ እንዲህ በያት፦

«ሰባት ሰው ደሴ መጥቶ ነበር፣ እግዜር ይስጣቸው። አንቺ ግን ለቅሶዬን የደረስሽልኝ እዚህ ሆነሽ ነው። ‹መጋዘኑ ምን ሆነ?› ብዬ አንድ ቀን አልተጨነቅኩም። እናቴን ተረጋግቼ ቀበርኩ።»

ይህ አባባል ሁለት ሥራ ይሠራል። ምስጋናውም አለበት፣ ይቅርታውም አለበት፤ ግን «ይቅርታ አድርጌልሻለሁ» አይልም። ጥፋት ያልሠራን ሰው ይቅር ማለት ስድብ ነው። መቅረቷን ከመምጣት ቆጠርሽላት፣ አለቀ።

ከዚያ በኋላ እንደገና «ኧረ ምን አደረግኩና» ማለቷ አይቀርም። በወጉ ያደገ ሰው ምስጋናን በሁለት እጁ አይቀበልም። ይህ እንቢታ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ስህተቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ይከራከራል። «አይ፣ በጣም ነው ያደረግሽው» ይላል። እሷ «ኧረ በፍጹም» ትላለች። «እንዴ፣ አንቺ ባትኖሪ እኮ…» ይቀጥላል። በአምስተኛው ዙር ሁለቱም ደክሟቸው መሬት መሬት ያያሉ። አትከራከሪ። አንድ የተጨበጠ ነገር ጥቀሽና ወሬ ለውጪ።

የተጨበጠውን ነገር ከየት ታመጪዋለሽ? ከፋይሉ። የንብረት ሰው ስለሆንሽ ዕድለኛ ነሽ፤ የሥራዋ ማስረጃ ሁሉ እጅሽ ላይ ነው። ባልነበርሽበት ጊዜ የተቆረጡትን የገቢና የወጪ ደረሰኞች አውጪ። የእያንዳንዱ ዕቃ ገቢና ወጪ የሚሰፍርባቸውን ቢን ካርዶች አገላብጪ። የእሷን ፊርማ ተከተዪ። በየትኛው ቀን ብዙ ዕቃ እንደገባ፣ በየትኛው ምሽት ለማታ ፈረቃ ወጪ እንደተቆረጠ ታያለሽ። እንበልና ሐሙስ ከሰዓት አንድ ተሳቢ ሙሉ ጥሬ ዕቃ ገብቷል። ገቢ ደረሰኙ ላይ «12 ከረጢት የተቀደደ» ብላ ጽፋለች። ይህን የሚያውቀው የንብረት ሰው ብቻ ነው፤ ሌላ ቢሆን ሙሉውን ተቀብሎ ይፈርም ነበር። ያኔ ጉድለቱ ያንቺ ይሆን ነበር። «ሐሙስ ዕለት የተቀደደውን ለይተሽ ባትጽፊው ኖሮ ዛሬ ስከፍል ነበር» በያት። ይህንን «ምን አደረግኩና» ልትለው አትችልም። ፈገግ ብላ «ሾፌሩ እኮ ሊበላኝ ነበር» ብላ ታሪኩን ትጀምርልሻለች። ወሬው በራሱ እግር ሄደ ማለት ነው።

ስለ ምርቃቱ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። አፋችን ላይ የሚቀድመው «ብድርሽን ይመልስልኝ» ወይም «ብድር መላሽ ያድርገኝ» የሚለው ነው። በሌላ ጊዜ ሸጋ ምርቃት ነው። በለቅሶ ጊዜ ግን ቀዳዳ አለው። የለቅሶ ብድር የሚመለሰው በምን ነው? በለቅሶ። የእናቷን ስም ጠርተሽ ያልሽ ያህል ይሆናል፤ በተለይ እናቷ በሕይወት ካሉ። ስለዚህ ነው ትልልቆቹ «ብድርሽን በደስታ ይመልስልኝ» የሚሉት። ያቺን «በደስታ» የምትል ቃል አትርሻት። «በልጅሽ ሠርግ ደፋ ቀና ልበልልሽ» ብትያትም ያው ነው፣ እንዲያውም ታስቃታለች። ባልደረባሽ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከሆነች ደግሞ «ገለቶሚ» ብለሽ ጀምሪ፤ በዕድሜ የምትበልጥሽ ከሆነች «ገለቶማ»። ገላን ላይ ሠርቶ ይህቺን የማያውቅ ሰው የለም፣ ግን ስንቱ ይላታል?

አሁን ወደ ሁለቱ ካርቶን ጓንት እንምጣ። ጥያቄሽ ውስጥ በመጨረሻ ሹክ ያልሽው ይህ ነገር ምስጋናውን ሁሉ ሊያበላሽ የሚችል ነው።

በመጀመሪያ ራስሽን አንድ ጥያቄ ጠይቂ። ስትሄጂ ተቆጥሯል ወይ? አልተቆጠረም። መርዶ ሰምተሽ ቁልፍ ጥለሽ ነው የወጣሽው። ርክክብ ከሌለ ጉድለቱ መቼ እንደተፈጠረ ማንም ሊናገር አይችልም። ሁለቱ ካርቶን አንቺ ከመሄድሽ በፊት ባለው ወር ጎድለው ሊሆን ይችላል። የንብረት ሥራ ሕጉ ቀላል ነው፤ ቆጥሮ ያልተረከበ ሰው ለጉድለት አይጠየቅም። ስለዚህ «እሷ ጋ የጎደለ» የሚለው ሐሳብ ከጭንቅላትሽ ይውጣ። በወጉ ካየነው መጋዘኑ አሁንም በስምሽ ነው።

ከዚያ ጉድለት መሆኑን አረጋግጪ። እኔ ካየኋቸው እንዲህ ያሉ «ጉድለቶች» አብዛኞቹ የወረቀት ናቸው። ጓንት የሚወጣው በጥድፊያ ነው። የማታ ፈረቃ አለቃ መጥቶ «ስጪኝ፣ ወረቀቱን ጠዋት» ይላል። ጠዋት ወረቀቱ ይመጣል፣ ቢን ካርዱ ላይ ግን አይሰፍርም። ወይም በቁራሽ ወረቀት ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። የወጪ ደረሰኙን ጥራዝ በተከታታይ ቁጥሩ ተከተዪ። እያንዳንዱ ቁጥር ካርዱ ላይ መስፈሩን አመሳክሪ። የተዘለለ ቁጥር ካለ እሱ ጋ ነው። ከዚያ የማታ ፈረቃውን አለቃ ጠይቂ፤ መሳቢያውንም ፈትሺ። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እሷን ሳትጠይቂ ልትጨርሺው የምትችዪው ብዙ ነው።

ካልተገኘ ትጠይቂያታለሽ። ግን ባመሰገንሽበት ቀን አይደለም። በዚያው ትንፋሽማ በፍጹም። «በጣም ደክመሽልኛል፣ ግን ሁለት ካርቶን…» ያልሽ ጊዜ «ግን» የምትለዋ ቃል ከፊቷ ያለውን ሁሉ ትበላዋለች። ከዚያ በኋላ የሚሰማት ጥርጣሬው ብቻ ነው። እኔ ብሆን ሁለት ሦስት ቀን አሳልፌ፣ ካርዱን ይዤ ሄጄ «ይቺ ቁጥር ጠፍታብኛለች፣ አብረን እንፈልጋት» እላታለሁ። ለቅርብ አለቃሽ ደግሞ ቀድመሽ አጭር ማስታወሻ ጻፊ። «በእናቴ ሞት ምክንያት ሳላስረክብ ስለሄድኩ የታየው ልዩነት በተካችኝ ባልደረባ የሚጠየቅ አይደለም» የምትል አንድ መስመር ትበቃለች። እሷ ይህን ማስታወሻ አታየው ይሆናል። ዓመቱ መጨረሻ ላይ ቆጠራ ሲደረግ ግን ስሟ አይነሳም። እውነቱን ንገረኝ ካልሽኝ፣ ከሁሉም ምስጋና ይህ ይበልጣል።

ለአለቃ መንገሩ ላይ ከራሴ የደረሰ ታሪክ አለኝ። ከብዙ ዓመት በፊት የሐሞት ጠጠር ይዞኝ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ አንድ ወር ያህል ተኛሁ። ያኔ የደመወዝ ሥራ እኔ ጋ ነበር። የሰዓት ቁጥጥር ላይ የነበረ ልጅ ሁለቱንም ይዞ፣ ደመወዙ አንድ ቀን ሳይዘገይ ወጣ። ተመልሼ በወርሃዊ ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። «ይህ ልጅ የሁለት ሰው ሥራ ብቻውን፣ ያለ ምንም ችግር ሠርቷል» ብዬ አወደስኩት። ጭብጨባው ቀለጠ። ልጁ ጠረጴዛ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረውም። ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ሌላ ነገር ሰማ። የሰማው «ሁለቱ ሥራ ለአንድ ሰው ይበቃል» የሚለውን ነው። በሦስተኛው ወር ሁለቱ መደቦች ተጣመሩ። እኔ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወርኩ፤ ልጁ በዚያው ደመወዝ ሁለቱንም ተሸክሞ ቀረ። ለረጅም ጊዜ ቀና ብዬ አላየሁትም። በምስጋናዬ ነው የጎዳሁት።

ከዚያ ወዲህ የምመክረው ይህን ነው። ለአለቃ ስትነግሪ ውጤቱን ብቻ አትንገሪ፤ የከፈለችውንም ንገሪ። «ያለ ምንም ችግር» አትበይ፤ ችግሩን ራሷ ነው የዋጠችው። አምሽታ ከነበረ እንዲህ በይ፦ «ያለቀለት ምርቱን ይዛ የኔንም የሠራችው አምሽታ ነው። ሰርቪስ እያመለጣት በታክሲ ስትሄድ ነበር። ለእንዲህ ዓይነት ጊዜ ተተኪ ቢኖረን ጥሩ ነው።» ይህን በስብሰባ ሳይሆን ቢሮው ገብተሽ ንገሪው። አሥር ደቂቃም አይፈጅም።

ማምሸቷን ካነሳን የትርፍ ሰዓት ክፍያዋን ጉዳይ እንይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወላጁ ለሞተበት ሠራተኛ ከደመወዝ ጋር የሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። የቀረውን ከዓመት ፈቃድሽ ወስደሽ ይሆናል። አዋጁ ፈቃዱን ላንቺ ሲሰጥ፣ በዚያ ጊዜ ሥራሽን ማን እንደሚሠራ ግን ላሠሪው ነው የተወው። አሠሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ «ተጋገዙ» ብሎ ያልፋል። ባልደረባሽ ከመደበኛ ሰዓቷ በላይ በአለቃ ትእዛዝ ከሠራች ግን ያ ውለታ ብቻ አይደለም፣ ትርፍ ሰዓት ነው። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ያለው በአንድ ተኩል ይባዛል። በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ አይችልም።

በቁጥር እንየው። የወር ደመወዟ 10,400 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ወሩ 208 ሰዓት ይሆናል፤ የአንድ ሰዓት ክፍያዋ 50 ብር ነው። ትርፍ ሰዓቱ በአንድ ተኩል ሲባዛ 75 ብር። አንቺ ረቡዕ ሄደሽ በሁለተኛው ሳምንት ማግስት ሰኞ ከተመለስሽ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቀን፣ በሁለተኛው አምስት ቀን በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ብታመሽ 16 ሰዓት ይሆናል። 1,200 ብር ማለት ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም። እሷ ግን አትጠይቅም። «በሰው ለቅሶ ገንዘብ ጠየቀች» መባልን ትፈራለች። አንቺ ግን ልትጠይቂላት ትችያለሽ። የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ የወጣችበት ሰዓት አለ፤ ወጪ ደረሰኞቹም ላይ ቀን አለ። አለቃው አምሺ ማለቱን ካረጋገጠ፣ ፎርሙን ሞልቶ ለደመወዝ ክፍል እንዲልክ አስታውሺው። የወሩ ሒሳብ ሳይዘጋ ቶሎ በይ። ከተዘጋ በኋላ «በሚቀጥለው ወር» ይባላል፣ ከዚያ ይረሳል።

አሁን እህትሽ «ትንሽ ብር ስጫት» ያለችው ለምን እንደማይሆን ይገባሻል። ከመሥሪያ ቤቱ የሚከፈላት ብር መብቷ ነው። ከቦርሳሽ የምትሰጫት ብር ግን የቀን ሠራተኛ ያደርጋታል። ያንን ሁሉ ምሽት ዋጋ ትቆርጭበታለሽ፤ ዋጋው ደግሞ ምንጊዜም ያንሳል። አንድ ነገር ብቻ ለይቼ አያለሁ፤ ከኪሷ ያወጣችው። 11፡30 የሚወጣው ሰርቪስ ካመለጣት፣ ቤቷ ኮዬ ፈጬ ቢሆን፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ወርዳ ሌላ ታክሲ መጠበቅ አለባት። በምሽት ያ ሰልፍ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ኮንትራት የያዘችበት ቀንም አይጠፋም። ያንን ልተካልሽ ብትያት ነውር የለውም፤ የወጣ ወጪ ነው። «ምስጋና ነው» ብለሽ ግን አትጠቅልይው። «የታክሲሽን አትከልክይኝ» በያት፣ እንቢ ካለች አንዴ ብቻ ደግመሽ ተዪው።

ምሳውም አሁን አይመቸኝም። ጥቁር ለብሰሽ ሆቴል ቁጭ ብለሽ ክትፎ ስታዢ የሚያይ ሰው የሚያየው ሌላ ነገር ነው። እሷም ትሸማቀቃለች። ስጦታም እንዲሁ። ከለቅሶ የተመለሰ ሰው ስጦታ ይዞ አይመጣም። መስጠት ካማረሽ በዓል ይድረስ። ያኔ አንድ ኪሎ ጥሩ ቡና ወይም ለልጇ ልብስ ብትወስጂ የበዓል ወግ ይሆናል፤ እሷም ለምን እንደሆነ ይገባታል፣ አንቺም መናገር አያስፈልግሽም።

የመሥሪያ ቤታችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «በኀዘኔ ከጎኔ ለቆማችሁ ሁሉ» ብለሽ መጻፍሽ አይቀርም። ጻፊ፣ ግድ ነው። መዋጮ ያዋጣም፣ ደሴ የመጣም አለ። የእሷን ስም ግን እዚያ ውስጥ ለይተሽ አታስገቢ። ስሟ ብቻ ከተጠራ ሌላው ይቀየማል፤ ከሁሉም ጋር በዝርዝር ከተጠራ ደግሞ የእሷ ነገር ከመዋጮው እኩል ይሆናል። የእሷ በአፍ ነው።

ይህንን የሚያነብ ታሞ የተመለሰ ሰው ቢኖር ነገሩ ቀለል ይላል። ታማሚ እስኪድን መጠበቅ የለበትም። አልጋ ላይ ሆኖ «ሥራውን ስለያዝክልኝ ተኛሁ» ብሎ በስልክ ቢናገር ይበቃል። የተካው ሰውም ለመጠየቅ ባይመጣ ማንም አይቆጥርበትም። ምርቃቱ ላይ ግን ያው ጥንቃቄ አለ። በበሽታ ጊዜ «ብድርህን ይመልስልኝ» ማለት «ታመምልኝ» ይመስላል። «ጤና ይስጥልኝ፣ ባንተ አያሳየኝ» ማለት ይሻላል። የተካው ሰው አሁንም አሁንም ደውሎ «ፋይሉ የት ነው?» እያለ ያስቸገረ ቢሆንስ? እንደዚያም ቢሆን ይመሰገናል፤ የይለፍ ቃሉን ሳይሰጠው ሆስፒታል የገባው ማን ሆነና!

ወዳንቺ ልመለስ። መጋዘኗ ሄደሽ ያልኩሽን ካልሻት በኋላ፣ ከመውጣትሽ በፊት አንድ ነገር ጨምሪ። «እሑድ ቤት ነይ፣ ቡና እንጠጣ» በያት። ይህ ከምሳው ይለያል። ቤትሽ መምጣቷ ለእሷ ለቅሶ መድረስ ነው፤ ዘግይቶ ቢሆንም ወጉን ትፈጽማለች። ላንቺ ደግሞ ምስጋና ነው። ሁለታችሁም የምትፈልጉትን አንድ ቡና ላይ ታገኛላችሁ። አርባው ሳይደርስ ቢሆን ይመረጣል። ጾም ከሆነ ቆሎ ይበቃል። ሌላ እንግዳ አትጥሪ፤ የእናትሽን ፎቶ ግን ከፊት አኑሪው፣ ስትገባ ታየው።

ባዶ እጇን አትመጣም። ስኳርና ቡና በፌስታል ይዛ ትመጣለች፣ ምናልባትም ዳቦ ጋግራ። ደንግጠሽ «እንዴ፣ እኔ ነኝ እንጂ ላንቺ!» እንዳትዪ። «ለምን ደከምሽ» በያት አንዴ፣ ከዚያ በሁለት እጅሽ ተቀበያት።